ሸሪካችሁ የጋራውን ብር አውጥቶ በሩን ሲዘጋባችሁ፦ ሽማግሌ፣ ጉባኤ፣ እግድ፣ ፖሊስ ወይስ መውጣት?

"ሸሪኬ ከካምፓኒው አካውንት ብር አውጥቷል፣ የቢሮውን ቁልፍ ቀይሯል፣ ስልክም አያነሳም፣ የት ልሂድ?" ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁሌም የተለያየ ነው። አንዱ ፖሊስ ጋ ሂድ ይላል፣ አንዱ ጠበቃ ያዝ ይላል፣ አንዱ ደሞ ወንድም ናችሁ ሽማግሌ ላክ ይላል። ሶስቱም ለሆነ ሰው ትክክል ናቸው፣ ችግሩ ለናንተ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ነገር ሳይጠየቅ መልስ መሰጠቱ ነው። የሚወስነው ደሞ የስራው ወረቀት ምን እንደሚል፣ ድርሻችሁ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ እና አሁን የምትፈልጉት ምን እንደሆነ ነው። ብሩ መውጣቱ እንዲቆም ነው? የወጣው እንዲመለስ ነው? ወይስ ከሰውየው ጋር ዳግም ላለመገናኘት ነው የምትፈልጉት? እነዚህ ሶስቱ የተለያየ ቦታ ነው የሚያስኬዱት።

ብዙ ሰው የሚበላሽበት ቦታ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የወጣውን ለማስመለስ ሲሯሯጥ የቀረው ይወጣል። ስለዚህ የኔ አቋም ከመጀመሪያው ይሄ ነው፣ መጀመሪያ የቀረውን አስቁሙ፣ ቀጥሎ ፊርማውን አስለውጡ፣ የወጣውን ማስመለስ ከዛ በኋላ ይደርሳል።

በምሳሌ እንሂድ። ሰላም እና ዳዊት አዲስ አበባ ውስጥ ማተሚያ ቤት ከፈቱ እንበል፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ነው፣ ዳዊት 60 ፐርሰንት ሰላም 40 ፐርሰንት። ስራ አስኪያጁ ዳዊት ነው፣ ባንክ ላይ የሚፈርመውም እሱ ብቻውን ነው፣ ምክንያቱም ሲጀምሩ "ለምን ሁለታችንም እንመላለሳለን" ተባብለው ነበር። አንድ ቀን ወረቀት የሚያቀርብላቸው አስመጪ ለሰላም ደውሎ "ቼካችሁ ተመለሰ" ይላታል። ባንክ ስትሄድ ልጅቷ "ፈራሚ አይደለሽም፣ ስቴትመንት ልሰጥሽ አልችልም" ትላታለች። ማታ ቢሮ ስትደርስ ቁልፉ ተቀይሯል፣ ከቴሌግራም ግሩፑም ወጥታለች። በኋላ እንደታወቀው ዳዊት በሶስት ጊዜ በራሱ ስም 850,000 ብር አውጥቷል፣ ሲጠየቅም "300,000ው እኔ ለድርጅቱ ያበደርኩት ነው፣ የቀረው ደሞ የድካሜ ነው" አለ። እሷም በስሜት "40 ፐርሰንቴን ስጠኝ" አለችው።

ሁለቱም ተሳስተዋል። የተመዘገበ ማህበር የራሱ የሕግ ሰውነት አለው፣ አካውንቱ ላይ ያለው ብር የዳዊትም የሰላምም አይደለም፣ የማህበሩ ነው። ስለዚህ ዳዊት "የኔ ብር ነው 60 ፐርሰንት አለኝ" ብሎ ማውጣት አይችልም፣ ትርፍ የሚከፈለው ሂሳብ ተዘግቶ አባላት ከወሰኑ በኋላ ነው፣ ደሞዝ ከሆነም የተወሰነ ደሞዝ መኖር አለበት። ብድሩ እውነት ከሆነ ግን በማህበሩ ሂሳብ ላይ ከባለድርሻ የተወሰደ ብድር ተብሎ ተመዝግቦ ይገኛል፣ ገቢ የተደረገበት የባንክ ወረቀትም ይኖራል፣ ካለ 300,000ውን ዝም ብላችሁ ቀንሱት፣ ያለውን አለ ማለት ቀሪውን ክርክራችሁን ያጠነክረዋል። ስለዚህ እውነተኛው ጥያቄ 550,000 ብር ነው። ሰላም ለራሷ ልጠይቅ ብትል 40 ፐርሰንቱ 220,000 ነው የሚሆነው፣ እሱም ቢሆን ገና ማህበሩ እዳውን ሳይከፍል "ድርሻዬ" ማለት ስለማይቻል ፍርድ ቤት የመቀበል እድሉ ጠባብ ነው። "550,000ው ወደ ማህበሩ ሂሳብ ይመለስ" ካለች ግን የተጎዳው ማህበሩ ነውና ጥያቄው ቦታውን ይይዛል፣ ወረቀት አስመጪውም የሚከፈለው ከዛ ነው። ክስ የሚያፅፍ ሰው ጋ ስትሄዱ ይህቺን ነጥብ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ በእሷ ምክንያት ብዙ መዝገብ ሲመለስ ይታያል።

ደብዳቤ እና ሽማግሌ

በጣም የተለመደው ምክር መጀመሪያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፃፍ ነው። ጥሩ ምክር ነው፣ ግን አንድ ሁኔታ አለው፣ አካውንቱ ላይ ገና ብር ካለ እና ሰውየው ብቻውን የሚፈርም ከሆነ ደብዳቤው የሚያደርገው ነገር ቢኖር ቶሎ እንዲጨርሰው መንገር ነው። እንደዛ ከሆነ ደብዳቤው ከእግዱ በኋላ ይሂድ። ብሩ አልቆ ከሆነ ወይ ደሞ ፊርማው የጋራ ከሆነ ግን በደብዳቤ ጀምሩ፣ ደብዳቤው ላይ ስድብም ዛቻም አያስፈልግም፣ ሶስት ነገር ብቻ ጠይቁ፣ የሂሳብ መዝገቡን እና የባንክ ስቴትመንቱን ለማየት፣ ቀን እና የብር መጠን ጠቅሳችሁ ስለወጣው ገንዘብ ማብራሪያ፣ እና ስብሰባ እንዲጠራ። በሪኮማንዴ ላኩት፣ ደረሰኙን አስቀምጡ። አንድ አባል የማህበሩን መዝገብ የማየት መብት አለው፣ እና ሰውየው ቢከለክል ወይ ዝም ቢል ዝምታው ራሱ በኋላ ስራ አስኪያጁን ለማስነሳት የምትጠቅሱት ምክንያት ይሆናል።

ሽማግሌ ደሞ የኛ አገር ትልቁ ሀብት ነው፣ ከልቤ ነው የምለው፣ ዘመድ የሆኑ ሸሪኮች ፍርድ ቤት ሳይረግጡ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሲጨርሱ አይቻለሁ። የሚያቅተው ሽምግልናው ሲራዘም ነው። "በሚቀጥለው ሳምንት፣ ከፆሙ በኋላ፣ አጎቴ ከክፍለ ሀገር ሲመጣ" እየተባለ ወራት ይሄዳል፣ በዛው ወራት ማሽኑ ይሸጣል። ስለዚህ ሽማግሌ ስትቀበሉ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጡ፣ ንግግሩ እስኪያልቅ ከአካውንቱ የሚወጣ ብር በሁለት ፊርማ ይሁን፣ ይሄን ደሞ ባንኩ ሄዳችሁ አብራችሁ ፈርማችሁ ቀይሩ፣ በቃል አይበቃም። ይሄን ትንሽ ነገር እምቢ ያለ ሰው ሽምግልናውን የሚፈልገው ጊዜ ለመግዛት ነው፣ እኔ ከዚህ የተሻለ መለያ አላውቅም።

ከተስማማችሁ በወረቀት ይሁን፣ ስንት ብር፣ በስንት ጊዜ፣ በየትኛው ቀን፣ ካልከፈለ ምን ይሆናል የሚለው ይፃፍ። ክስ ተከፍቶ ከሆነ ደሞ እርቁን መዝገቡ ላይ አስመዝግቡት፣ ያን ጊዜ እንደ ፍርድ ያስፈፅማል፣ ባይከፍል እንደ አዲስ ከዜሮ መክሰስ አይኖርባችሁም። ፌደራል ፍርድ ቤቶች ውስጥ ራሱ አስማሚ የሚመደብበት አሰራርም አለ፣ ሽማግሌ የማይሰሙ ሰዎች እዛ ሲደርሱ የሚለሳለሱበት ጊዜ አለ።

ጉባኤ ጠርቶ ፊርማውን መቀየር

ይሄ መንገድ በጣም ርካሹና በጣም ፈጣኑ ነው፣ ግን ድርሻው ላለው ሰው። ከ50 ፐርሰንት በላይ ካላችሁ ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት መመስረቻ ፅሁፉን አውጡና ስብሰባ እንዴት እንደሚጠራ፣ ስንት ቀን ቀድሞ ጥሪ እንደሚደርስ እና ስራ አስኪያጅ በስንት ድምፅ እንደሚነሳ አንብቡ። የጥሪው ስርዓት መስመር በመስመር ይከበር፣ ምክንያቱም ሌላኛው ወገን የሚያፈርሰው ውሳኔውን ሳይሆን ጥሪውን ነው፣ "አልተጠራሁም" ካለ እና ማስረጃ ከሌላችሁ ቃለ ጉባኤው ወረቀት ብቻ ነው። የስራ አስኪያጁ ስም መመስረቻ ፅሁፉ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ደሞ ለውጡ የመመስረቻ ፅሁፍ ማሻሻያ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደሞ ከፍ ያለ ድምፅ ይጠይቃል፣ ስለዚህ 60 ፐርሰንት አለኝ ብላችሁ አትዘናጉ።

ከተወሰነ በኋላ ያለው ሰልፍ ነው የሚረሳው። ቃለ ጉባኤው ሰነዶች ማረጋገጫ ይፀድቃል፣ ከዛ ንግድ መዝገብ ላይ የስራ አስኪያጅ ለውጡ ይገባል፣ ከዛ ባንክ ይቀርባል። መዝገቡ ላይ የድሮው ስም እስካለ ድረስ ሶስተኛ ወገን እሱን አምኖ ሊዋዋል ይችላል፣ ባንኩም በቃል አይቀበላችሁም። ሶስቱንም በተከታታይ ቀናት ጨርሱት፣ በመሃል ክፍተት አትተዉ።

50 ለ 50 ከሆናችሁ ጉባኤው የትም አያደርሳችሁም፣ ሁለታችሁም ድምፅ ሰጥታችሁ እኩል ትወጣላችሁ። ቢሆንም ጥሩት፣ እምቢ ማለቱ ወይ አለመምጣቱ ተፅፎ ይቀመጥ። እንደ ሰላም 40 ፐርሰንት ያለው ሰው ደሞ በድምፅ አያሸንፍም፣ የሱ መንገድ ፍርድ ቤት ቀርቦ ስራ አስኪያጁ በበቂ ምክንያት ይሻር ብሎ መጠየቅ ነው፣ በራሱ ስም ገንዘብ ማውጣት እና አባልን ከመዝገብ ማራቅ ደሞ በቂ ምክንያት ለመባል ሩቅ አይደሉም።

ፍርድ ቤት እና እግድ

ለአብዛኛው ሰው ዋናው መሳሪያ ይሄ ነው፣ እና በደንብ ያልተፃፈ እግድ ከምንም የማይሻልበት ጊዜ ስላለ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

መጀመሪያ የት ነው የሚከሰሰው የሚለው። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ አይነት ጉዳይ ፌደራል ፍርድ ቤት ነው የሚታየው፣ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሰረት የገንዘቡ መጠን እስከ 10 ሚሊዮን ብር ከሆነ የፌደራል መጀመሪያ ደረጃ፣ ከዛ በላይ ከሆነ ከፍተኛው ፍርድ ቤት። የሰላም 550,000 መጀመሪያ ደረጃ ነው። የዳኝነት ክፍያ በምትጠይቁት ገንዘብ ልክ ስለሚሰላ በንዴት "የሞራል ካሳ 5 ሚሊዮን" እያሉ መጨመር ኪስ ይጎዳል፣ የምታስረዱትን ብቻ ጠይቁ።

እግድ ብቻውን አይጠየቅም፣ ዋና ክስ አብሮት መኖር አለበት። የፍትሐብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 ክርክር ያለበት ንብረት የመባከን፣ የመበላሸት ወይም ለሌላ የመተላለፍ አደጋ ካለበት ፍርድ ቤት ማገድ ይችላል ይላል። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ "እምነት አጣሁበት" አይበቃም፣ አደጋው መታየት አለበት። ሰላም የሚኖራት ነገር ምንድነው? የተመለሰው ቼክ ኮፒ አለ፣ ዳዊት "የድካሜ ነው" ያለበት የቴሌግራም መልእክት አለ፣ ቁልፉ መቀየሩን ያየ የጥበቃ ሰራተኛ አለ፣ ያለፈው ዓመት የሂሳብ ሪፖርት ላይ የነበረው የባንክ ቀሪ አለ። ስቴትመንቱ የላትም፣ ግን ባንኩ እንዲያቀርብ ፍርድ ቤት እንዲያዝላት ትጠይቃለች፣ ፈራሚ ላልሆነ ሰው ዋናው መንገድ ይሄ ነው። ይሄ ሁሉ ከቃለ መሃላ ጋር ይቀርባል፣ መዘግየቱ ራሱ ጉዳት የሚያመጣ መሆኑን ካስረዳች ደሞ ተከሳሹ ሳይጠራ እግዱ እንዲሰጥ መጠየቅ ትችላለች። ፍርድ ቤቱ ዋስትና አስይዢ ሊላት እንደሚችልም አስባ ትሂድ።

አሁን ደሞ ምን ይታገድ የሚለው። አብዛኛው ሰው "አካውንቱ ይታገድ" ብሎ ይጨርሳል፣ ይታገድለታልም፣ ከዛ የሰራተኛ ደሞዝ አይከፈል፣ የቤት ኪራይ አይከፈል፣ የወሩ ቫት አይገባ፣ ቅጣት ይቆጥራል፣ ደምበኛ ይሸሻል፣ በመጨረሻ የሚጎዳው የራሱ 40 ፐርሰንት ነው። ተከሳሹም በሁለተኛው ሳምንት "ድርጅቱን እየገደለችው ነው" ብሎ እግዱን ያስነሳል። የተሻለው ጥያቄ "ከሂሳቡ የሚወጣ ገንዘብ በሁለቱ አባላት ጣምራ ፊርማ ብቻ ይሁን" ወይም "ከደሞዝ፣ ከኪራይ፣ ከግብር እና ከአቅራቢ ክፍያ ውጪ ወጪ እንዳይደረግ" የሚል ነው። እንደዚህ አይነት ትእዛዝ ለዳኛውም ለመስጠት ይቀላል፣ ለማስነሳትም ይከብዳል። ከባንኩ በተጨማሪ ሊታገዱ የሚገቡ ነገሮች አሉ፣ በማህበሩ ስም ያለ መኪና ካለ ሊብሬው እንዳይዛወር፣ ንግድ መዝገብ ላይ ደሞ የአክሲዮን ዝውውርም ሆነ የስራ አስኪያጅ ለውጥ እንዳይመዘገብ፣ የማተሚያ ማሽኖቹም በዝርዝር ከነሴሪያል ቁጥራቸው እንዳይሸጡ። ለበሩ መዘጋት ደሞ "አባል እንደመሆኔ መዝገብ እና ስራ ቦታ እንዳላይ እንዳልከለከል" የሚል ለብቻው ይጠየቅ፣ የገንዘቡ እግድ በሩን አይከፍትም።

አንድ ነገር ደሞ ዘወትር ያጋጥማል፣ ትእዛዙ ላይ የባንኩ ስም ብቻ ተፅፎ ቅርንጫፉ፣ የሂሳብ ቁጥሩ እና የሂሳቡ ባለቤት ሙሉ ስም ሳይኖር ይቀራል፣ ባንኩም "ማንኛው?" ብሎ ይመልሳል፣ በዛ መሃል ሁለት ሶስት ቀን ይሄዳል። የሂሳብ ቁጥሩን ከድሮ ቼክ ወይ ከደረሰኝ ላይ ፈልጉ። ትእዛዙ እንደተፈረመ ከሬጅስትራር ራሳችሁ ተቀብላችሁ ቅርንጫፉም ዋናው መስሪያ ቤት የሕግ ክፍልም አድርሱ፣ ኮፒው ላይ ገቢ የሆነበትን ማህተም ከነሰዓቱ አስመቱ፣ ከዛ ሰዓት በኋላ ብር ከወጣ ባንኩም ይጠየቃል። ባንክ በአንድ ባለድርሻ ደብዳቤ ብቻ አካውንት አያግድም፣ ስለዚህ እዛ ሄዶ መጨቃጨቁ ዋጋ የለውም።

የዚህ መንገድ ድክመቱ ግልፅ ነው፣ እግዱ በቀናት ውስጥ ሊገኝ ይችላል፣ ዋናው ክርክር ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል፣ ሂሳብ አጣሪ ባለሙያ ይሾም ሲባል ደሞ ይጨምራል። ለዛ ነው እግዱን እንደ ማቆሚያ እንጂ እንደ መጨረሻ አትዩት የምለው፣ ብዙዎቹ ጉዳዮች እግዱ ከተያዘ በኋላ ነው ወደ ድርድር የሚመጡት፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ ሁለቱም እኩል ተይዘዋል።

ፖሊስ መቼ?

የወንጀል ሕጉ አንቀፅ 675 እምነት ማጉደልን ይቀጣል፣ በአደራ ወይም ለተወሰነ ስራ የተሰጠውን የሌላ ሰው ገንዘብ ራሱን ለመጥቀም የወሰደ ሰው በቀላል እስራት ወይም እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ፅኑ እስራት ሊቀጣ ይችላል። ማህበሩ የራሱ ሰውነት ስላለው ስራ አስኪያጁ "የራሴን ነው የወሰድኩት" ማለቱ ብቻውን አያድነውም። ግን ሀሳብ መኖር አለበት፣ ያለ አግባብ ለመበልፀግ ነው የወሰደው መባል አለበት፣ እና እንደ ዳዊት "ያበደርኩት ነው" የሚል ወረቀት ያለው ሰው ሲቀርብ መርማሪው "ይሄ የፍትሐብሔር ጉዳይ ነው፣ ሂሳብ ተሳሰቡ" ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይሄው ነው።

ፖሊስ የሚያዋጣው የተጭበረበረ ነገር በግልፅ ሲኖር ነው። የናንተን ፊርማ አስመስሎ ቃለ ጉባኤ ካሰራ፣ የሌለ እቃ ተገዛ ብሎ የሀሰት ደረሰኝ ካስገባ፣ ብሩን ወስዶ ከአገር ሊወጣ ከሆነ፣ ያኔ ቀን አትፍጁ። በተቀረው ግን ፖሊስን ለማስፈራሪያ መጠቀም ለናንተም አይጠቅምም፣ ምርመራው አካውንቱን በራሱ አያስቆምም፣ ብሩንም ወደ ማህበሩ አይመልስም፣ ሽምግልናውን ግን ይዘጋዋል፣ ሰው አንዴ ጣቢያ ካደረ በኋላ የሚደራደረው በሌላ ልብ ነው። ሁለቱን መንገድ አብሮ መሄድ ይቻላል፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም፣ ግን የፍትሐብሔሩ እግድ ይቅደም።

እና እባካችሁ ራሳችሁን ጥፋተኛ አታድርጉ። ቁልፉን ሰብሮ መግባት፣ ማህተሙን ይዞ መጥፋት፣ ደምበኛውን "በኔ አካውንት አስገባልኝ" ማለት፣ በተለይ ይሄ የመጨረሻው፣ ያው እሱ ያደረገውን ማድረግ ነው። ዳኛ ፊት ሁለታችሁም እኩል ትቆማላችሁ፣ የናንተ ቅሬታ በግማሽ ይወርዳል።

ውላችሁ ላይ ግልግል የሚል ካለ

አንዳንድ መመስረቻ ፅሁፍ ላይ "አለመግባባት በግልግል ዳኝነት ይታያል" የሚል አንቀፅ አለ፣ ማንም አያነበውም። ካለ ተከሳሹ እሱን ጠቅሶ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን እንዳያይ ሊቃወም ይችላል፣ በአዋጅ 1237/2013 መሰረት ደሞ ይሰማለታል። ያ ማለት ግን እጃችሁ ታስሯል ማለት አይደለም፣ ግልግሉ እስኪቋቋም ጊዜያዊ እግድ ከፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል። ማህበሩ ይፍረስ የሚለው ጥያቄ ደሞ በዛው አዋጅ ለግልግል ከማይቀርቡት ውስጥ ነው፣ ለሱ ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ገላጋዮች ክፍያቸው ቀላል ስላልሆነ ለግማሽ ሚሊዮን ብር ክርክር ብዙም አያዋጣም፣ ለትልቅ ድርጅት ግን ፍጥነቱ እና ሚስጥሩ ዋጋ አለው።

መውጣት፦ መሸጥ፣ መግዛት ወይስ ማፍረስ

አንዳንዴ ብሩ ተመልሶም አብሮ መስራት አይቻልም። ያኔ ከሶስቱ በጣም መጥፎው ማፍረስ ነው፣ በንዴት ጊዜ ግን መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው። ማህበሩ ሲፈርስ ሂሳብ አጣሪ ይሾማል፣ ንብረት ይሸጣል፣ መጀመሪያ ባንክ፣ ግብር፣ ሰራተኛ፣ አቅራቢ ይከፈላል፣ ክሊራንስ ይወጣል፣ የተረፈ ካለ ነው ለአባላት በድርሻቸው የሚከፋፈለው። የሚሰራ ማተሚያ ቤት ዋጋው ማሽኑ ብቻ አይደለም፣ ደምበኛው፣ ቦታው፣ የያዛቸው ኮንትራቶች ናቸው፣ ሲፈርስ እነዚህ ሁሉ ዜሮ ይሆናሉ፣ ማሽኑም "ቶሎ የሚሸጥ" ተብሎ በርካሽ ይሄዳል። ማፍረስ ትርጉም የሚሰጠው ድርጅቱ ከእዳ በቀር ምንም ከሌለው ወይ 50 ለ 50 ሆናችሁ አንዳችሁም ለሌላችሁ የማትሸጡ ከሆነ ነው።

አንዱ ሌላውን መግዛቱ ይሻላል። ዋጋው ላይ ካልተስማማችሁ ሁለታችሁም የተስማማችሁበት የሂሳብ ባለሙያ ይገምት፣ የወጣው 550,000 ደሞ ከግምቱ በፊት እንዳለ ተቆጥሮ ይመለስ፣ አለበለዚያ እሱ ባራቆተው ድርጅት ዋጋ ነው ድርሻችሁን የሚገዛችሁ። ለውጭ ሰው መሸጥ ከፈለጋችሁ ደሞ የሌሎቹ አባላት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ 40 ፐርሰንት ያለው ሰው "ለሌላ እሸጣለሁ" ብሎ ማስፈራራቱ ብዙ ርቀት አይወስድም።

ስትወጡ የምትፈርሙትን ሁለቴ አንብቡ። ለማህበሩ የባንክ ብድር በግላችሁ ዋስ ሆናችሁ ከነበር ድርሻችሁን መሸጣችሁ ከዋስትናው አያወጣችሁም። ባንኩ በፅሁፍ ካላሰናበታችሁ ከሁለት ዓመት በኋላ ዳዊት ሳይከፍል ሲቀር ቤታችሁ ላይ የሚመጣው ያው ባንክ ነው። የሽያጩ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ከዋስትና የመውጣቱ ደብዳቤ እጃችሁ ይግባ።

ወረቀት ከሌለስ?

በጣም ብዙው ሰው ያለው እዚህ ጋ ነው። ንግድ ፈቃዱ በአንዱ ስም ነው፣ ሌላው ብር አምጥቷል፣ ውል የለም፣ አሜሪካ ወይ ዱባይ ሆኖ ለወንድሙ ወይ ለጓደኛው የላከም እዚህ ውስጥ ነው። ጉባኤ የለም፣ የሚሻር ስራ አስኪያጅም የለም፣ አካውንቱ የፈቃዱ ባለቤት የግሉ ነው። ቢሆንም መብት የለም ማለት አይደለም፣ ሳይመዘገብ በሁለት ሰው መሃል የሚሰራ የእሽሙር ማህበር የሚባል በንግድ ሕጉ የታወቀ ነገር አለ፣ የራሱ የሕግ ሰውነት የለውም፣ ግን በመሃከላችሁ ያለው ግዴታ አለ። እዚህ ጋ ክሱ በራሳችሁ ስም ነው፣ ጥያቄውም "ሂሳብ ይጣራ፣ ድርሻዬ ይከፈለኝ" ነው።

ማስረጃው ላይ የሚሳሳቱት ነገር አለ፣ ጉዳዩን ለማቅለል ብለው "አበድሬው ነው" ይላሉ። ብድር ከ500 ብር በላይ ከሆነ በምስክር አይረጋገጥም፣ የፍትሐብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ፅሁፍ፣ የእምነት ቃል ወይም መሃላ ይፈልጋል። ባንክ ትራንስፈሩ ብር መሄዱን እንጂ ለምን እንደሄደ አያሳይም። ሽርክና ከነበረ ሽርክና ነው በሉ፣ ከዛ ትርፍ የተካፈላችሁበትን የቴሌብር ዝውውር፣ እቃ ስትመርጡ የተፃፃፋችሁትን፣ ኪራዩን ማን እንደከፈለ፣ "ሁለቱም ባለቤት ናቸው" የሚል ሰራተኛ እና አቅራቢ ሰብስቡ። ስልካችሁን ከመቀየራችሁ በፊት መልእክቶቹን አስቀምጡ፣ ሰውየው ከራሱ በኩል ሊያጠፋቸው ይችላል።

ውጭ ያላችሁ ደሞ ውክልና ሰጥታችሁት ከነበር ዛሬውኑ ሻሩት፣ በኤምባሲ ወይም ቆንስላ የተረጋገጠ መሻሪያ አዘጋጁና አገር ቤት ሰነዶች ማረጋገጫ አስመዝግቡት፣ ከዛ ለሱም ለባንኩም ይድረሳቸው፣ ሳያውቁ እስከቆዩ ድረስ በድሮው ውክልና የተሰራው ስራ ሊፀናባችሁ ይችላል። ለሚከራከርላችሁ ሰው የምትሰጡት አዲስ ውክልና ላይ ደሞ "መክሰስ፣ መከሰስ፣ እግድ ማስወጣት፣ መታረቅ" የሚሉት ቃላት በግልፅ ይኑሩ፣ መታረቅ የሚለው ጎድሎ እርቁ ቀርቦ ያልተፈረመበት ጉዳይ አለ። ጊዜውንም አትርሱ፣ የውል ጥያቄ በመርህ 10 ዓመት አለው፣ ከውል ውጭ የሆነ የጉዳት ካሳ ግን 2 ዓመት ነው፣ እና የናንተ ጉዳይ የትኛው ውስጥ እንደሚወድቅ ተከሳሹ በሚመቸው በኩል ይከራከራል፣ ስለዚህ ብሩ ከወጣበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ሳይሞላ መዝገብ ክፈቱ።